ያቺ ስምንተኛዋ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። መብራት የለም፤ የታችኛው ሱቅ ጄኔሬተር ከተሰማችሁ ታገሱኝ። ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ነፋሱም እንደዛው።

ዛሬ ሌላ ነገር ነበር ላወራ ያሰብኩት፤ ግን የጂም ደብተሬ ፊቴ ተዘርግታለች። አዎ፣ ባለካሬዋ። እማዬ ከፍታ «ማክሰኞ፣ ቤንች፣ ሦስት ሴት» የሚለውን ያነበበችባት ደብተር። እኔ የእንግሊዝኛውን «ሴት»፣ ዙር ማለቴ ነበር፤ እሷ ግን ሴቶች መሰሏት። ከዚያ ወዲህ «ዙር» ብዬ ነው የምጽፈው፣ ግን ምን ዋጋ አለው፤ አሁንም ወደ ጂም ስወጣ «ሦስቱንም ሰላም በልልኝ» ትለኛለች።

የቤንቹን ገጽ ነው እያየሁ ያለሁት፣ በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ የሚገፋበትን። አምስተኛው ሳምንት ላይ እንዲህ ይላል፦ 50 ኪሎ፣ ሦስት ዙር፣ 8፣ 8፣ 8። ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ያቺ የመጨረሻዋ ስምንት ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ቆይ፣ መጀመሪያ ለምን ስምንት ላይ እንደደረስኩ። እኛ ጂም ትንሿ ዲስክ 2.5 ኪሎ ናት። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ስትሰካ አምስት ኪሎ ጨመርክ ማለት ነው፤ ከዚያ ያነሰ መጨመር የለም። 1.25 ያላቸው ሰዎች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይሰካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ስኳት ላይ፣ ብረቱን ትከሻህ ላይ አድርገህ ቁጢጥ ብለህ ስትነሳ፣ ከ70 ወደ 75 ብትሄድ እግር ይችለዋል። ቤንች ላይ ግን ከ50 ወደ 55 ማለት የኪሎውን አንድ አሥረኛ ባንዴ መጨመር ነው። ስለዚህ ኪሎውን አቁሜ ድግግሞሹን አሳድጋለሁ። ከአምስት ጀምሬ፣ ሦስቱም ዙር ስምንት ስምንት ሲሞላ ብቻ ነው ወደ 55 የማልፈው፤ እዚያም እንደገና ከአምስት እጀምራለሁ።

ስምንትን ዝም ብዬ አልመረጥኳትም። ኪሎውን በድግግሞሹ አባዙት፣ ለ30 አካፍሉት፣ የመጣውን ኪሎው ላይ ደምሩት፤ አንዴ ብቻ ልትገፉት የምትችሉትን ኪሎ በግምት ይነግራችኋል። 50ን ስምንቴ የገፋ ሰው 63 አካባቢ ይመጣለታል። 55ን አምስቴ የገፋ ደግሞ 64። ተቀራረቡ አይደል? ከስምንት በኋላ ያለው ዝላይ አንዲት ደረጃ ናት። 50ን አምስቴ ብቻ ገፍቶ ወደ 55 የሚዘል ግን 58 ላይ ቆሞ 64ን ነው የሚመኘው።

እና ያ ማክሰኞ። ሦስተኛው ዙር። አብሮኝ የሚሠራው ሸሪኬ ከራስጌዬ ቆሟል፣ እጆቹ ከባሩ ሥር። ስድስት ወጣች። ሰባት... ሰባት ወጣች፣ ቀስ ብላ፣ ግን የኔ ነበረች። ስምንተኛዋን አወረድኩ፣ ደረቴን ነካች፣ ገፋሁ፣ ግማሽ ላይ ቀጥ አለች። እሱ «ብቻህን ነህ! ብቻህን ነህ!» ይላል። ያኔ ባሩ ቀለለኝ። የቆመ ብረት ደግሞ ድንገት አይቀልም። ቀና ብዬ ሳይ ጣቶቹ፣ ሁለቱ ጣቶቹ፣ ባሩን ይዘዋል፤ አፉ ግን «ብቻህን ነህ» ማለቱን አላቆመም።

ሰቀልነው። ተነሳሁ። «አየህ?» አለኝ። እኔም «አየሁ» አልኩ። «አየሁ» ነው ያልኩት! እስክርቢቶዬን አንስቼ 8 ጻፍኩ፣ አሰመርኩበት። እሱም ስጽፍ እያየኝ ነበር።

ውሸት ነበር ልል ነው... አላውቅም። አንዲት ድግግሞሽ እኮ ናት። 7 ብዬ ብጽፍ ሌላ አንድ ሳምንት 50 ላይ እቆያለሁ፣ አለቀ። ስድስተኛው ሳምንት 55 ሰካሁ፤ 5፣ 5፣ 5። ሰባተኛው 6፣ 5፣ 5። ደብተሯ ላይ ያማረ ነው፣ ግራፍ ብትሠሩለት ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ከዚያ ሸሪኬ ሥራ አገኘና ድሬዳዋ ሄደ። ደስ ብሎኛል፣ በእውነት። ከሙቀቱ በስተቀር።

ስምንተኛው ሳምንት ብቻዬን ገባሁ። 55። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛዋ ደረቴ ላይ ቀረች። አልተነሳችም። ዲስኮቹን መቆለፊያ አላደረግኩባቸውም ነበርና ባሩን አዘንብዬ በአንድ ጎን አፈሰስኳቸው፤ ያኛው ጎን ከብዶ ተገለበጠ፣ ባሩ በረረ። ጥበቃው «ምን ፈረሰ?» እያሉ ሮጠው መጡ። አሁን እስቃለሁ፣ ያኔ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የቆየሁት።

መጀመሪያ ሁዳዴ ነው አልኩ። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ እኔም ሽሮ እና ምስር ላይ ነኝ፤ ማስታወሻው ላይም «ጾም» ብዬ ጻፍኩ። ተረጋጋሁ። ማታ ግን የስኳቱን ገጽ ገለጥኩ። ያው ሳምንት፣ ያው ሽሮ፦ 70 ኪሎ፣ 5፣ 5፣ 5። ካለፈው አልቀነሰም። ጎንበስ ብዬ ወደ ሆዴ የምስበው ብረትም አንዲት ድግግሞሽ ጨምሯል። ጾም ደረትን ብቻ መርጦ አያደክምም። ጉልበትም በአንድ ሳምንት ከስድስት ወደ ሦስት አይወርድም፣ ካልታመምክ በስተቀር። የወደቀው ቤንች ብቻ ነው፤ በደብተሯ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ያለበት ደግሞ ቤንች ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ሳምንት ወደ 50 ተመለስኩ፣ ብቻዬን። 7፣ 6፣ 5። ወደ ኋላ ብገልጥ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምን አለ መሰላችሁ? 7፣ 6፣ 5። በዚያችው ሒሳብ ደግሞ፣ 55ን ሦስቴ ማለት 61 አካባቢ፣ 50ን ሰባቴም 61 ከምናምን። ብቻዬን የገፋሁባቸው ሁለት ቀናት ተስማሙ። ከሁለተኛው ሳምንት ጋርም ተስማሙ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አምስተኛው ሳምንት ላይ አይቆምም። አንዲት ስምንት ብትሆን ኖሮ እኮ ይሄን ያህል አልወርድም። ሦስተኛው ሳምንትስ? አራተኛውስ? ከየትኛዋ ቁጥር ጀምሮ ነው ሁለታችን የገፋነው? ዳር ላይ ማስታወሻ የሚል ዓምድ ነበረኝ፤ «7 እና 1 በእጅ» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። አሁን እንደዛ ነው የምጽፈው። የድሮውን ግን ከየት አመጣዋለሁ?

ወይም ደግሞ... ብቻዬን ስሆን እየፈራሁ ይሆናል። ከኋላህ ሰው ከሌለ ስምንተኛዋን አትሞክራትም፣ ሰባት ላይ ትሰቅላለህ። ይሄም አለ። እንደዚያ ከሆነ ሸሪኬን በከንቱ እያማሁት ነው።

ትናንት ልጽፍለት ነበር። «ያቺን ስምንተኛዋን ስንት ኪሎ ያዝክልኝ?» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ሳቅ ጨመርኩበት፣ እሱንም አጠፋሁት። ቢመልስልኝስ? «ሁሉንም» ቢለኝ? ልጁ በየማክሰኞው፣ ከሥራ ደክሞት እየመጣ፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ... ተዉት እስቲ።

ነገ ማክሰኞ ነው። 50 ኪሎ፣ ሦስት ዙር። ጥበቃው «እኔ ከኋላህ ልቁምልህ?» ብለውኛል፣ ያ ብረት ከተገለበጠ ወዲህ ዓይናቸው ከእኔ አይነቀልም። እሺ እላቸዋለሁ መሰለኝ። ግን ደግሞ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉልኝ ይባላል? ትልቅ ሰው ናቸው እኮ... እንዴት ብዬ ነው...