ሪፖርቱ ዝም ብሎ ሲያረጅ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ፓወር ቢአይ ሪፖርት ነው፤ በየማለዳው ራሱን እንዲያድስ ሰዓት ተሞልቶለት አንድ ቀን ስለሚያቆመው።

እኔን የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። እድሳቱ ሲከሽፍ ሪፖርቱ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ የጫነውን ቁጥር ማሳየቱን ይቀጥላል። የስህተት ኢሜይሉ የሚሄደው በተለምዶ ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሥራ ከለቀቀስ? በተከታታይ 4 ጊዜ ከከሸፈ ደግሞ ሲስተሙ የእድሳት ሰዓቱን ራሱ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ስህተት እንኳ አይመጣም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የሽያጭ ፋይሉ ከአንድ የሰርቨር ፎልደር ወደ ሌላ ተዛወረ፤ እድሳቱም ፋይሉን አላገኘሁም ብሎ ወደቀ። ባልደረባዬ ሪፖርቱ በሚሠራበት በፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ላይ አዲሱን አድራሻ አስገባ፦

```
File.Contents("\\srv1\sales2\daily.xlsx")
```

እሱ ኮምፒውተር ላይ ሰተት ብሎ ሠራ። ፐብሊሽ አደረገው። እድሳቱ ግን አሁንም እምቢ! የሰርቨሩን ፋይል ከኦንላይኑ ፓወር ቢአይ ጋር የሚያገናኘው ጌትዌይ እየሠራ ነው፣ ፋይሉም ቦታው ላይ ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

ጌትዌዩ የሚያስቀምጠው የመግቢያ ስምና ፓስዎርድ ከአድራሻው ጋር የተሳሰረ ነው። አድራሻው ሲቀየር ለጌትዌዩ ጭራሽ አዲስ ምንጭ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የሞላችሁት ፓስዎርድም ከሪፖርቱ ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ጌትዌዩ ላይ አዲስ ምንጭ ይከፈታል፣ ስምና ፓስዎርድ ይሞላለታል፣ ከዚያ ሪፖርቱ ከእሱ ጋር ይያያዛል። አድራሻው በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ጋ `Z:\` ሌላው ጋ `\\srv1` ከሆነ አይተዋወቁም። ያ አካውንት አዲሱን ፎልደር የማንበብ ፈቃድ እንዳለውም እዩ፤ ይኼ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አድራሻው ሳይነካ ፓስዎርዱ ብቻ ከተቀየረ ነገሩ ቀላል ነው። ስህተቱ `credentials` የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ዴስክቶፑን መነካካት አያስፈልግም፤ ጌትዌዩ ላይ አዲሱን ፓስዎርድ መሙላት ይበቃል። ምንጩ በኦንላይን አካውንት የሚገባ ከሆነ ደግሞ `Edit credentials` ብሎ እንደገና መግባት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ፋይሉ ሳይዛወር ኮፒ ሲደረግ ነው። ሰዎች አዲሱ ላይ ይጽፋሉ፣ ሪፖርቱ አሮጌውን ያነባል። እድሳቱም በየቀኑ `Completed` ይላል! ስለዚህ እኔ ሪፖርቱ አናት ላይ የማስቀምጠው የታደሰበትን ሰዓት አይደለም። ዳታው ውስጥ ያለውን የመጨረሻ የሽያጭ ቀን ነው፤ እሱ ከቆመ ሪፖርቱን የከፈተ ሁሉ ያየዋል።