ሌቭሉ ይውጣ፣ ይውረድ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ታንከር ላወራችሁ ነው። ብዙ ያስተማረኝ ታንከር ስለሆነ ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው አንድ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ነው። የአውቶሜሽን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነበር። አገዳው ሚል ላይ ይጨመቃል። ጭማቂው ይሞቃል፣ ኖራ ይገባበታል፣ ከዚያ ክላሪፋየር ውስጥ ቆሻሻው ይዘቅጣል። የጠራው ጭማቂ ወደ አንድ ታንከር ይወርዳል። ከታንከሩ ፓምፕ ይገፋውና ወደ ኢቫፖሬተር ይሄዳል። እዚያ በአራት ተከታታይ ድስቶች እየፈላ ውሃው ይወጣለታል፤ ወፍራም ሽሮፕ ይሆናል።

ቁጥሩን ካላያችሁት ችግሩ አይገባችሁም። ጭማቂው ሲገባ 15 ብሪክስ ገደማ ነው፤ ከመቶው ክብደት 15ቱ የሟሟ ነገር፣ የቀረው ውሃ ማለት ነው። ሲወጣ 60 መሆን አለበት። ይህ ማለት ከገባው አራት እጅ ሦስቱ በእንፋሎት ይነሳል። ታዲያ የሚገባው ጭማቂ በድንገት ቢቀንስ፣ ሽሮፑ ይወፍራል። ቢበዛ ደግሞ ይቀጥናል፤ ያልወጣውን ውሃ ቀጥሎ ያለው የማብሰያ ክፍል ነው የሚያተነው፣ እዚያ ደግሞ እንፋሎቱ ብዙ ያልቃል። የመጀመሪያው ድስት የሚጠቀመው የእንፋሎት መጠን ከጭማቂው ጋር ስለሚወዛወዝ ቦይለር ቤቱም ይታመማል። ስለዚህ ኢቫፖሬተር ከሁሉ በላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያልተቆራረጠ፣ እኩል ፍሰት።

ሚል ግን እኩል አይደለም። አገዳ ይታነቅበታል፤ አምስት ደቂቃ ይቆማል፣ ይነሳል። ክላሪፋየሩስ አያለሰልሰውም ወይ ትሉ ይሆናል። አያለሰልስም። ትልቅ ቢሆንም ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ የገባበትን ያህል ከላይ ይፈስሳል። ሙሉ የሆነ ዕቃ ምንም አያጠራቅምም። ያ የመጨረሻው ታንከር የተሠራው ለዚህ ነበር።

እኔ ስደርስ ታንከሩ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሌቭሉን፣ ማለትም የጭማቂውን ከፍታ፣ 50 በመቶ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። ጌይኑ፣ ማለትም ሌቭሉ ሲለወጥ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚወስነው፣ 8 ነው። ኢንተግራሉ፣ ማለትም ልዩነቱን እያጠራቀመ ሌቭሉን ወደ 50 የሚመልሰው፣ 5 ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው ባነሰ ቁጥር ይበረታል። ስክሪኑ ላይ የሌቭሉ መስመር እንደ ክር የተወጠረ ነው። አየሁትና «ጎበዝ፣ ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራው» አልኩ። ለእኔ ቀጥ ያለ መስመር ማለት ጥሩ ሥራ ማለት ነበር።

የፈረቃው ኃላፊ ጋሼ ግን ሌላ መስመር አሳዩኝ። ከሥር ያለውን፣ ወደ ኢቫፖሬተር የሚሄደውን ፍሰት። መጋዝ ይመስላል። ሚሉ አምስት ደቂቃ ሲቆም ሌቭሉ የሚወርደው ወደ 45 ገደማ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ ግን ከ120 ሜትር ኩብ በሰዓት ተነስቶ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሚሉ ሲነሳ ደግሞ ከ120 አልፎ ይወጣና ይመለሳል። «ልጄ፣ ታንከሩ እዚህ መኖሩ ምን ጠቀመኝ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ሳስብ የታየኝ የእናቴ ቤት ሮቶ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ሌሊት ይሞላል፣ ቀን ይጎድላል፣ እኛ ግን ቧንቧ በከፈትን ቁጥር ውሃ አለ። አንድ ሰው መጥቶ «ሮቶው ሁልጊዜ ግማሽ ላይ መሆን አለበት» ቢልስ? ውሃ የምናገኘው መስመሩ ላይ ሲመጣ ብቻ ይሆናል። ሮቶው የሚጠቅመው ስለሚጎድል ነው። የእኛም ታንከር ሌቭሉ አልንቀሳቀስ ስላለ ወፍራም ቧንቧ ሆኖ ነበር እንጂ ታንከር አልነበረም።

በማግስቱ ተነስቼ ጌይኑን ቀነስኩት። ስሌቱን እነግራችኋለሁ፣ ቀላል ነው። ከታንከሩ ጥቅም ላይ የሚውለው 60 ሜትር ኩብ ነው። ሌቭሉ ከ20 እስከ 80 በመቶ በነፃነት እንዲሄድ ፈቀድን። ኢቫፖሬተሩ ደግሞ ከ80 እስከ 160 ሜትር ኩብ በሰዓት ድረስ ይችላል። ሁለቱን አጋጠምናቸው፦ ሌቭሉ 20 ሲሆን ፍሰቱ 80፣ ሌቭሉ 50 ሲሆን 120፣ ሌቭሉ 80 ሲሆን 160። የፍሰት መለኪያው እስከ 200 ስለሚያነብ፣ ይህ ጌይን 0.67 ገደማ ይሆናል። የሌቭል መቆጣጠሪያው ቫልቩን በቀጥታ አይነካም፤ ለፍሰት መቆጣጠሪያው ሴትፖይንት፣ ማለትም የሚጠብቀውን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ይህ ባይሆን የፓምፑ ግፊት ሲለዋወጥ ፍሰቱም አብሮ ይሄዳል።

ጌይኑን ከ8 ወደ 0.67 አወረድኩና ኢንተግራሉን እንዳለ 5 ደቂቃ ላይ ተውኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ስህተት ከዚያ በኋላ በሌሎች ቦታዎችም ስላየሁት ቆም ብዬ ላስረዳ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። ሌቭሉ እየወጣ እየወረደ ነው። ሚሉ ከአመሻሹ ጀምሮ አልቆመም፣ ምንም የነካው የለም፣ ግን እንደ ዥዋዥዌ ይሄዳል። ከጫፍ ወደ ጫፍ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ፍሰቱም አብሮት። ኦፕሬተሩ «ጌይኑ በጣም ትንሽ ሆኖ ይሆን?» አለኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሲወዛወዝ ጌይን ቀንስ የሚል ነውና የበለጠ ልቀንስ እጄን ዘርግቼ ነበር። የእሱ ግምት ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

ታንከር እንደ ሌላው ነገር አይደለም። የገባውና የወጣው ልዩነት በራሱ ይጠራቀምበታል። ኢንተግራልም ሥራው ማጠራቀም ነው። ሁለት የሚያጠራቅሙ ነገሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ ይወዛወዛሉ፤ የሚያረጋጋቸው ጌይኑ ብቻ ነው። እኔ አረጋጊውን ቀንሼ አወዛዋዡን እንዳለ ትቼዋለሁ። በዚያ ላይ ጌይን ስትቀንሱ ውዝዋዜው ይብሳል፣ ዑደቱም ይረዝማል። ዑደቱ ከሰዓት በላይ ስለሆነ ብዙ ሰው «ከሚል ነው የሚመጣው» ብሎ ያልፈዋል። መለያው ይህ ነው፦ ሚሉ በእኩል እየሠራ ሌቭሉና ፍሰቱ በዝግታ አብረው የሚጋልቡ ከሆነ፣ ኢንተግራሉን ጠርጥሩ።

ምን ያህል ቢሆን ይበቃል? መጀመሪያ የታንከሩን የራሱን ጊዜ ፈልጉ። አንድ በመቶ ሌቭል 0.6 ሜትር ኩብ ነው። አንድ በመቶ ሌቭል ፍሰቱን የሚለውጠው በሰዓት 1.33 ሜትር ኩብ ነው። ስታካፍሉት 0.45 ሰዓት፣ ማለትም 27 ደቂቃ። ውዝዋዜ እንዳይኖር ኢንተግራሉ ቢያንስ የዚህ አራት እጥፍ ይሁን፤ 108 ደቂቃ። እኔ 5 ነበር ያልኩት። በዚያ ሌሊት ኢንተግራሉን ጭራሽ አጠፋሁት። ጌይን ብቻ።

ጠዋት ላይ መስመሮቹ ተቀያይረዋል። ሌቭሉ ተራራና ሸለቆ፣ ፍሰቱ ለስላሳ። ረፋድ ላይ ሚሉ እንደልማዱ አምስት ደቂቃ ቆመ። ፍሰቱ ከ120 ወደ 100 ገደማ በቀስታ ወረደ። ሌቭሉ ከ50 ወደ 35። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ተመለሱ። ኢቫፖሬተሩ ላይ ያለው ልጅ ሚሉ መቆሙን አላወቀም ነበር። ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። እኔ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች እንደዚያ ያስደሰተኝ ጥቂት ነው።

ኦፕሬተሮቹን ማሳመን ግን ሳምንት ፈጀ። ኢንተግራል ስለሌለ ሌቭሉ ወደ 50 የመመለስ ግዴታ የለበትም። ከሚል 130 ከገባ፣ 57 ወይም 58 ላይ ይቀመጣል። «ይኸው ሴትፖይንቱን አልጠበቀም» ይሉና ማኑዋል ላይ ያደርጉታል። አልፈርድባቸውም። ማስጠንቀቂያው 40 እና 60 ላይ ስለተቀመጠ ደወሉ ቀኑን ሙሉ ይጮህባቸው ነበር። ወደ 15 እና 85 አራቅነው። ስክሪኑ ላይም የሌቭሉን ሴትፖይንት አነሳን፤ በቦታው «የሚፈቀድ ከ20 እስከ 80» ብለን ጻፍን። ማኑዋል ላይ ማድረጉ ከዚያ በኋላ ቀረ።

ይህን ሰምታችሁ ያገኛችሁትን ሌቭል ሁሉ እንዳትለቁት አደራ። የቦይለር ድረም ሌቭል በጥብቅ ነው የሚያዘው፤ ቢወርድ ቱቦዎቹ ይቃጠላሉ። የኢቫፖሬተሩ ድስቶች የራሳቸው ሌቭልም እንደዚያው። የእኛ ታንከርም ቢሆን እንደልብ ትልቅ ተደርጎ አይሠራም፤ ጭማቂው ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ነው፣ ብዙ ከቆየ ስኳሩ ይፈርሳል፣ ይጠቁራል። የግማሽ ሰዓት ያህል የሚይዝ ሆኖ የተሠራው በከንቱ አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱ የጋሼ ነው። ሚሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቢቆምስ? ፍሰቱ ከ80 በታች እንዳይወርድ ወለል አደረግንለት። ሌቭሉ 15 ሲደርስ ደግሞ ቱቦዎቹ እንዳይደርቁ በጭማቂው ምትክ ውሃ ወደ ኢቫፖሬተሩ ይከፈታል። ውሃ መክፈት ማለት ያንኑ ውሃ በእንፋሎት ማትነን ስለሆነ ማንም አይወደውም። ሚሉ ሙሉ በሙሉ ከቆመ፣ ከ50 ተነስተን እዚያ የምንደርሰው በ13 ደቂቃ ነው።

ጋሼ ትሬንዱን ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ለምን መሃል ላይ?» አሉኝ።

«ለሁለቱም በኩል እኩል ቦታ እንዲኖረው ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ሚሉ እኮ ይቆማል እንጂ ድንገት እጥፍ አይሆንም። ከ140 በላይ ሲሰጠኝ አይቼ አላውቅም። መቆሙን ግን በየቀኑ አያለሁ።»

እውነታቸውን ነው። 120ውን ከ50 አንስተን 60 ላይ አደረግነው። ጌይኑ ያው ነው። 140 ቢገባ ሌቭሉ 75 ላይ ይቀመጣል፤ ገና ቦታ አለ። በሌላ በኩል ሚሉ ሲቆም ፍሰቱ 80 ወለሉ ላይ ሲደርስ ሌቭሉ 20 ሳይሆን 30 ላይ ነው። 13 ደቂቃው 18 ሆነ። የታነቀ አገዳ አብዛኛውን ጊዜ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል። በዚያ ወቅት የውሃው ቫልቭ የተከፈተበትን ቀን ከመዝገቡ ላይ ፈልጌ ነበር። ከዚያ በፊት በየፈረቃው ነበር የሚጻፈው፤ ከዚያ በኋላ ግን ገጽ ገልጬ መፈለግ ነበረብኝ።