የ600 ዶላሩ ሥራ፦ በፕላትፎርም ወይስ በቀጥታ ደንበኛ?

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን። መሐል ላይ "600 ዶላር" የሚል ጽሑፍ]

አንድ የትርጉም ሥራ አለ እንበል። 7,500 ቃል ነው፣ ዋጋው በቃል 8 ሴንት፣ ጠቅላላ 600 ዶላር። መተርጎሙና ማረሙ 20 ሰዓት ይፈጃል። ይህንኑ ሥራ አንዱ ተርጓሚ ደንበኞችና ባለሙያዎች በኢንተርኔት ከሚገናኙበት ፕላትፎርም፣ ከአፕወርክ አገኘው፤ ሌላው ደግሞ ለድርጅቶች ኢሜይል እየላከ በቀጥታ አገኘው። ዲዛይነር ከሆናችሁ በትርጉሙ ቦታ ሎጎና የብራንድ መመሪያ አስቡ፤ ስሌቱ አይለወጥም።

ማን የበለጠ አተረፈ? ብዙ ሰው ኮሚሽኑን ብቻ አይቶ "በቀጥታ ያገኘው" ይላል። እስቲ እናስላው።

[ምስል፦ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በግራ "ፕላትፎርም"፣ በቀኝ "ቀጥታ"]

በፕላትፎርሙ እንጀምር። አፕወርክ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ በአዳዲስ ውሎች ላይ የሚቆርጠው እንደ ሥራው ይለያያል፤ ከ0 እስከ 15 በመቶ ነው። ለእኛ ምሳሌ 10 በመቶ እንውሰድ፤ 60 ዶላር ሄደ። ፕሮፖዛል፣ ማለትም የሥራ ማመልከቻ፣ ለመላክ ደግሞ ኮኔክት የሚባለውን መግዛት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ዋጋ 15 ሴንት ነው። ሥራው እስኪገኝ 10 ፕሮፖዛል ተልኮ ለእያንዳንዱ 12 ኮኔክት ከወጣ 18 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡን ወደ ባንክ ለማውጣት 2 ዶላር እንጨምር። በእጅ የሚቀረው 520 ነው። ከአሥሩ ፕሮፖዛል እያንዳንዱን ለመጻፍ በአማካይ 20 ደቂቃ ከፈጀ፣ ማንም የማይከፍልበት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በ20 ሰዓቱ ላይ ይደመራል። 520ን ለዚያ ስናካፍል በሰዓት 22 ዶላር ገደማ ይመጣል።

አሁን ወደ ቀጥታው። ኮሚሽን የለም፤ ዓለም አቀፍ የባንክ ዝውውሩ ግን 25 ዶላር በላ እንበል። 575 ቀረ። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ለ40 ድርጅቶች ኢሜይል ተላከ፤ ድረ ገጻቸውን ማየትና ኃላፊውን መፈለግ ስላለ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ፣ በድምሩ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ስልክና ድርድር 1 ሰዓት። ውል፣ ኢንቮይስና ክፍያውን መከታተል 2 ሰዓት። ከሥራው ጋር ወደ 30 ሰዓት ይጠጋል። በሰዓት ሲታይ ከ20 ዶላር በታች ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ላይ ቀጥታው ተሸነፈ።

[ምስል፦ ቀኝ በኩል ያለው ቁጥር ቀይ ይሆናል]

ያው ደንበኛ ሁለተኛ ሥራ ሲያመጣስ? ኢሜይሉም ፕሮፖዛሉም የለም፤ የሥራውን 20 ሰዓት ብቻ ይዘን እናስላ። በፕላትፎርሙ 27 ዶላር፣ በቀጥታው 29 ዶላር ገደማ በሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ የሆነው የባንኩ ክፍያ የኮሚሽኑን ግማሽ ያህል ስለሚበላው ነው። ልዩነቱ የሚሰፋው ሥራዎቹ በወር ተጠራቅመው በአንድ ኢንቮይስ ሲከፈሉ ነው። በወር አራት እንዲህ ያለ ሥራ 2,400 ዶላር ነው፤ ባንኩ የሚቆርጠው ያንኑ 25 ዶላር አንዴ ብቻ ነው። በሰዓት ወደ 30 ዶላር ይወጣል። ፕላትፎርሙ ግን ከእያንዳንዱ ስለሚቆርጥ 27 ላይ ይቆማል። ከባለሙያው 20 በመቶ በሚወስደው ሌላ ፕላትፎርም፣ በፋይቨር ቢሆን ወደ 24 ይወርዳል።

ቀጥታ ደንበኛ ዋጋ የሚኖረው ተመላልሶ የሚመጣ ከሆነ ነው ማለት ነው። አንዴ ሎጎ አሠርቶ የሚጠፋን ሰው በ40 ኢሜይል ማሳደድ ኪሳራ ነው። በየወሩ ጋዜጣ የሚያሳትም ድርጅት ወይም በየሳምንቱ የምርት መግለጫ የሚያስተረጉም ሱቅ ግን ለዚያ ድካም ይበቃል። ኢሜይል ከመላካችሁ በፊት "ይህ ድርጅት የእኔን ሥራ በየስንት ጊዜው ይፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "በዓመት አንዴ" ከሆነ እለፉት።

[ምስል፦ ገንዘብ የያዘ ሳጥን፣ ላዩ ላይ ቁልፍ]

ፕላትፎርሙ በኮሚሽኑ የሚሸጥላችሁ ነገር አለ፤ የማታውቁት ሰው እንዳይክዳችሁ መከላከያ። ቁርጥ ዋጋ ባለው ሥራ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ በፕላትፎርሙ እጅ ያስቀምጣል። አፕወርክ ላይ ሥራውን ስታስረክቡ ደንበኛው የሚያይበት 14 ቀን አለው። ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቃል፤ ከዚያ 5 ቀን ተይዞ ይወጣል። በክፉው ቢታሰብ 19 ቀን ነው።

ይህ መከላከያ ግን በሁለት ቦታ ይቀደዳል። አንደኛው፣ ደንበኛው "ጀምር፣ ገንዘቡን ነገ አስገባለሁ" ሲል አምኖ መጀመር ነው። ውል መፈረሙ ብቻውን ገንዘብ ገብቷል ማለት አይደለም፤ የሥራውን ክፍሎችና ክፍያቸውን በሚያሳየው የማይልስቶን ገጽ ላይ ገንዘቡ መቀመጡን የሚያሳየውን ምልክት ሳታዩ አንድ ቃል እንዳትተረጉሙ። ሁለተኛው ይበልጥ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ሥራው አልቆም ይደርሳል። ፋይሉን በመልእክት ልከው የማስረከቢያውን ቁልፍ ሳይጫኑ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። 14 ቀኑ የሚቆጠረው ቁልፉ ከተጫነበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ቁልፉ ካልተጫነ ደንበኛው አንድ ወር ቢጠፋም ፕላትፎርሙ ዘንድ ሥራው አልደረሰም።

በሰዓት የሚከፈል ሥራ ከሆነ መከላከያው የሚሠራው የፕላትፎርሙ መተግበሪያ ስክሪናችሁን እየቀዳ ለቆጠረው ሰዓት ነው። በእጅ ያስገባችሁት ሰዓት ደንበኛው ከካደ ከለላ የለውም።

[ምስል፦ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ]

ቀጥታ ደንበኛ ጋር ይህ ሳጥን የለም። ስለዚህ በእጅ መሥራት ነው።

ዋናው ክፍሉ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ለአዲስ ደንበኛ ግማሹ ሥራው ሳይጀመር ይከፈል። ግማሽ የሚባለው ለምቾት አይደለም፤ ደንበኛው ቢጠፋ የምታጡት 10 ሰዓት እንጂ 20 አይሆንም። ቀሪውን የምታስጠብቁት በርክክቡ ነው። ዲዛይነር ከሆናችሁ ለማጽደቅ የምትልኩት መጠኑ የቀነሰ፣ በላዩ ላይ ምልክት ያለው ምስል ይሁን፤ የቬክተር ፋይሉ ቀሪው ክፍያ ከገባ በኋላ ይሄዳል። ተርጓሚ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ጽሑፍ ከታየ ተወሰደ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከፋፍሉት፦ የመጀመሪያው 3,750 ቃል በቅድሚያ ክፍያው ይሸፈናል፣ የሚቀጥለው ሲከፈል ይቀጥላል። በውሉ ላይም "የሥራው ባለቤትነት ወደ ደንበኛው የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያ ሲፈጸም ነው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ።

ክፍያ የሚዘገየው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። በትልልቅ ድርጅቶች ሥራውን ያዘዘው ሰውና ገንዘቡን የሚከፍለው ክፍል አይተዋወቁም። ኢንቮይሱ ለአዛዡ ተልኮ እሱ ዕረፍት ላይ ከሆነ ሂሳብ ክፍሉ ዘንድ አልደረሰም። ወይም የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር ስለሌለው ያለ አንዳች ማስታወቂያ ወደ ጎን ተቀምጧል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኢንቮይሱ በየትኛው አድራሻ ይላካል? የትዕዛዝ ቁጥር ያስፈልገዋል? ኢንቮይሱ ላይ ደግሞ "በ30 ቀን ውስጥ" ብላችሁ አትለፉ፤ ቀኑን ቆጥራችሁ ጻፉት። "በ30 ቀን" የሚለውን አንዱ ከኢንቮይሱ ቀን፣ ሌላው ከደረሰበት፣ ሦስተኛው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይቆጥረዋል።

ቀኑ ሲያልፍ በማግስቱ አጭር ማስታወሻ ላኩ፣ ኢንቮይሱን አያይዛችሁ። በሳምንቱ ለሂሳብ ክፍሉ ደውሉ። በሁለት ሳምንቱ አዲስ ሥራ መቀበል አቁሙ፤ ማቆማችሁንም ጽፋችሁ አሳውቁ። ለደንበኛው "ያለፈው ሳይከፈል አዲስ አልጀምርም" ማለት ነውር የሚመስለው ብዙ ባለሙያ አለ፤ ግን ዕዳው የሚቆለለው እንዲህ ሲታፈር ነው።

[ምስል፦ "ትርፉን መልስልኝ" የሚል ኢሜይል]

አንድ ማጭበርበር ተርጓሚና ዲዛይነርን ይከተላል። ደንበኛ ነኝ ባዩ ከተስማማችሁበት በላይ የሆነ ቼክ ይልካል። "በስህተት ነው፣ ትርፉን መልስልኝ" ይላል። ባንኩ ቼኩን ገና ሳያጣራ ገንዘቡን በሂሳባችሁ ላይ ስለሚያሳይ እውነት ይመስላል፤ ቀናት ወይም ሳምንታት ቆይቶ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ባንኩ ሙሉውን ይቀንሳል፣ የመለሳችሁት "ትርፍ" ግን ከኪሳችሁ ሄዷል። መለያው ቀላል ነው፦ እውነተኛ ደንበኛ አብልጦ ከፍሎ በሌላ መንገድ መልስልኝ አይልም።

[ምስል፦ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀስት፣ መሐሉ ላይ የማቆሚያ ምልክት]

ከፕላትፎርም ያገኛችሁትን ደንበኛ ይዞ መውጣትስ? አፕወርክ ከተገናኛችሁበት ጊዜ ጀምሮ ለ2 ዓመት ክፍያው በእሱ በኩል እንዲያልፍ ያስገድዳል፤ ቀድሞ ለመውጣት የመቀየሪያ ክፍያ አለ። ፋይቨር ከእሱ ውጪ መክፈልንም መቀበልንም ጭራሽ ይከለክላል። መልእክቶቻችሁ የሚያልፉት በእነሱ በኩል ስለሆነ "በኢሜይል እንነጋገር" ማለት ብቻ አካውንት ሊያስዘጋ ይችላል፤ ሲዘጋም ለዓመታት የተጠራቀመው የደንበኞች አስተያየት አብሮ ይሄዳል። ይዛችሁ መውጣት የምትችሉት ናሙናውን ነው፣ ያውም ደንበኛው ከፈቀደ። የቀጥታ ደንበኞችን ከሌላ ቦታ ፈልጉ።

[ምስል፦ የወር መቁጠሪያ፣ መጀመሪያው ቀን ላይ ክብ]

ገቢው በየወሩ እንዳይዋዥቅ ከተፈለገ ለተመላላሽ ደንበኛ የወር ውል አቅርቡለት፦ ለምሳሌ በወር 20 ሰዓት፣ ክፍያው ወሩ ሲጀምር። ሦስት ወይም አራት ሥራ አብራችሁ ከሠራችሁ በኋላ አቅርቡት፤ ከዚያ በፊት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ደንበኛው ራሱም አያውቅም። ይህ ውል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ባልተሠራበት ሰዓት ነው። አንድ ወር 8 ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ቀሪው 12 ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል፤ እንዲህ ሦስት ወር ከሄደ ደንበኛው የተጠራቀመ 36 ሰዓት ይዞ በአንድ ሳምንት ጨርስልኝ ይላል። ውሉ ላይ "ያልተሠራበት ሰዓት ለአንድ ወር ብቻ ይሻገራል፣ ከዚያ ይቃጠላል" ብላችሁ ጻፉ፤ ለማቋረጥም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይግባበት።