የሃያ ቆርቆሮ ገንዘብ

(በደሴ ከተማ በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እኅቶች፦ አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልን። ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከኮምቦልቻ ማልዳችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እንኳን በደኅና መጣችሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ ነው የተነሣሁት። አምና ከጉባኤው ስንወጣ አንዲት እናታችን በር ላይ አስቆሙኝ። የቁጠባ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። ፈቱና አሳዩኝ። ከዓመት በፊት መስከረም ላይ 10,000 ብር አስገብተዋል። ዓመቱ ሲሞላ በ7 በመቶ ወለድ 10,700 ሆኗል። «ልጄ፣ ይቺ 700 ትርፌ ናት አይደል?» አሉኝ። እኔም «አዎ እማማ፣ ትርፍዎ ናት» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። የነገርኳቸው ልክ አልነበረም። ብሩ ለምን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። የጓሮ ቤታቸውን ክዳን ሊቀይሩበት ነው። ሃያ ቆርቆሮ ያስፈልጋቸዋል። ብሩን ሲያስገቡ አንዱ ቆርቆሮ 500 ብር ነበር። ሃያው 10,000 ማለት ነው፤ ልክ የያዙትን ያህል። ደብተሩን ባሳዩኝ ጊዜ ግን ቆርቆሮው 600 ገብቷል። በ10,700 ብር 17 ቆርቆሮ ገዝተው 500 ብር ይተርፋቸዋል። አሥራ ስምንተኛው አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ጠብቀው፣ ወለድ ተቀብለው፣ ብራቸው የሚገዛው ከሃያ ቆርቆሮ ወደ አሥራ ሰባት ወረደ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን ግን እንድናገር ፈቅደውልኛል።

እንግዲህ ቆርቆሮ አንድ ዕቃ ነው። የዋጋ ንረትን ለማወቅ አንድ ዕቃ አይበቃም። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከየገበያው ዋጋ እየለቀመ የዋጋ ኢንዴክስ የሚያወጣው። ኢንዴክስ ማለት የአንድ ትልቅ ዘንቢል ዋጋ ነው በሉት። ዘንቢሉ ውስጥ ጤፍ አለ፣ ዘይት አለ፣ ሽንኩርት፣ የቤት ኪራይ፣ ልብስ፣ ትራንስፖርት አለ። እያንዳንዱ እንደ ሚዛኑ ይገባል። ከግማሽ በላዩን የሚይዘው ምግብ ነው። መነሻ ተብሎ በተመረጠ ጊዜ ዘንቢሉ 100 ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዋጋ ሁሉ ከዚያ 100 ጋር ይነጻጸራል። ኢንዴክሱ 250 ደረሰ ከተባለ፣ መነሻው ላይ በ100 ብር ይሞላ የነበረው ዘንቢል አሁን 250 ብር ይፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩን ክፈቱ። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። አምና መስከረም ኢንዴክሱ 250 ነበር እንበል። ዘንድሮ መስከረም 300 ሆነ። ንረቱ ስንት ነው?

ከኋላ የሚሰማኝ ድምፅ «ሃምሳ» ይላል። ይሄን ስሕተት በማይክሮፎን ሲነገርም ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ አይክበዳችሁ። 50 የኢንዴክሱ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ገና በመቶ አልተሰላም። ሃምሳው የተጨመረው በመቶ ላይ አይደለም፤ በ250 ላይ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለአምናው ቁጥር እናካፍላለን፦

(300 − 250) ÷ 250 × 100 = 20

ዓመታዊው የዋጋ ንረት 20 በመቶ ነው። የሚካፈለው ሁልጊዜ ለቀድሞው ቁጥር ነው። ለ300 ያካፈለ ሰው 16.7 ያገኛል። ይሄን 16.7 አትርሱት፤ ተመልሶ ይመጣል።

የምታነጻጽሩት ደግሞ አንድ ዓይነት ወር ይሁን፤ መስከረምን ከመስከረም፣ ጥርን ከጥር። እኛ ወሎ ውስጥ ይሄ ለማንም አይጠፋም። መኸር ገብቶ አውድማው ሲጸዳ እህል ይረክሳል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ይወደዳል። የነሐሴን ቁጥር ከጥር ጋር ያስተያየ ሰው «ኑሮ ረከሰ» ሊላችሁ ይችላል። ሐሰት አልተናገረም፤ ግን የነገራችሁ ስለ አዝመራ ነው። ወሩ አንድ ሆኖም ቢሆን በዓል ያንገዋልለዋል። ፋሲካ አንድ ዓመት መጋቢት መጨረሻ፣ ሌላ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ይውላል። አረፋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በግ የሚወደድበት ሳምንት ከወር ወደ ወር ይሸሻል። የአንድ ወር ቁጥር ብቻውን ሲዘል ካያችሁ መጀመሪያ ካላንደር ተመልከቱ።

ሌላም አለ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ቁጥር ያወጣል። አንዱ ይሄ አሁን ያሰላነው፣ ወርን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያስተያየው ነው። ሌላው የአሥራ ሁለት ወር አማካይ ነው። ሁለተኛው ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። ዜና ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ንረቱ 20 በመቶ ከሆነ ብራችን ስንት አጣ? ብዙ ሰው «20 በመቶ» ይላል። እስኪ ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። ከ500 ወደ 600፣ እሱም 20 በመቶ ነው። ሁሌ ከኢንዴክሱ እኩል አይሄድም፤ በዚህ ታሪክ ግን እኩል ሄደ። እናታችን ወለድ ባያገኙ ኖሮ በ10,000 ብር ስንት ቆርቆሮ ይገዙ ነበር? 10,000 ለ600 ስናካፍል 16 ቆርቆሮ ከሁለት ሦስተኛ ይመጣል። ከሃያ የጎደለው ሦስት ቆርቆሮ ከአንድ ሦስተኛ ነው። ያ ደግሞ የሃያ 16.7 በመቶ ነው። ያ አትርሱት ያልኳችሁ ቁጥር መጣ።

ለምን ተለያዩ? ዋጋው የጨመረው ከአምናው ዋጋ ተነሥቶ ነው። ብሩ ዕቃ የሚገዛው ግን በዘንድሮው ዋጋ ነው። ስለዚህ ብር የቀረውን አቅም ለማወቅ የድሮውን ኢንዴክስ ለአዲሱ አካፍሉ። 250 ለ300 ሲካፈል 0.833 ነው። አንዱ ብር በአምናው ሲመነዘር 83 ሳንቲም ሆነ። በንረቱ ልክ ቀንሱ ቢባል ኖሮ ንረቱ 100 በመቶ ሲደርስ ብር ምንም አይገዛም ማለት ነበር። እንደዚያ አይደለም። ዋጋ እጥፍ ሲሆን ብር ግማሽ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ሰኔ በአገር ደረጃ ዓመታዊው ንረት ከ30 በመቶ በታች አልወረደም። ያ ዓመት ለእኛ የዋጋ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ ቤትና ሱቅ የተዘረፈበት፣ ሰው ያጣንበት ዓመት ነው። ከዚያ ሁሉ ላይ በእጃችን የቀረችውን ብርም ገበያው እየሸረፈ ይወስድ ነበር። ንረቱ 35 በመቶ ሲሆን አንዱ ብር 74 ሳንቲም ይሆናል። ስሉት፤ 1 ለ1.35።

ወለዱንስ? እዚህም ሰው 20 ሲቀነስ 7፣ 13 በመቶ ከሰርን ይላል። ለግምት ይበቃል፤ ልኩ ግን በማካፈል ነው። 10,700ን ለ1.20 አካፍሉ። 8,917 ብር ይመጣል፤ በአምናው ብር ማለቴ ነው። እናታችን የአምናውን 10,000 አስገብተው የአምናውን 8,917 አወጡ። ጉድለቱ 10.8 በመቶ ነው። 7 በመቶው እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ያሳደገው ነው። ንረቱ ከ7 በላይ እስከሆነ ድረስ በ7 የተቀመጠ ብር ይሸረፋል።

ይሄ ገንዘብ የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ከፊሉ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከማኅበራችን 10,000 ብር በ15 በመቶ የተበደረ አባል ዓመቱ ሲሞላ 11,500 ይመልሳል። ያ ገንዘብ በአምናው ብር 9,583 ነው። የሚሸጠው ዕቃ ወይም ደሞዙ ከዋጋው ጋር አብሮ ካደገ ከተበደረው ያነሰ መለሰ። ገቢው ባለበት ከቆመ ግን ለእሱም ዕዳው ዕዳ ነው። ተበዳሪውን አልወቅስም። ቆጣቢው ምን እንደሸፈነለት ግን ማወቅ አለበት።

«ንረቱ ወረደ» ሲባል ሰምቶ ሰኞ ገበያ ወርዶ የተናደደ ሰው ብዙ ነው። እሱንም በቁጥር እንየው። ኢንዴክሱ በሚቀጥለው መስከረም ከ300 ወደ 330 ቢሄድ ንረቱ 10 በመቶ ነው። ከ20 ወደ 10 ወረደ። ዋጋው ግን ወጣ እንጂ አልወረደም። ፍጥነቱ ነው የቀነሰው። ቆርቆሮውም በዚያው ልክ ቢሄድ 660 ይገባል፤ 10,000 ብር 15 ቆርቆሮ ብቻ ይገዛል። የሁለቱን ዓመት 20ና 10 ደምራችሁም 30 አትበሉ። ከ250 ወደ 330፣ 32 በመቶ ነው። ሁለተኛው ጭማሪ የመጣው በጨመረው ዋጋ ላይ ነዋ።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። በዛሬው ሪፖርት የአባላት ቁጠባ ከአምናው በስንት በመቶ እንዳደገ አይተናል። ከዚያ መስመር ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ ቁጠባው በአምናው ብር ሲሰላ ስንት እንደሆነ። ለዚያ ሁለት የኢንዴክስ ቁጥርና አንድ ካልኩሌተር ይበቃል። ቁጠባችን በ15 በመቶ አድጎ ንረቱ 20 ከነበረ፣ የያዝነው ገንዘብ አነሰ እንጂ አልጨመረም። ያንን ሳናይ ስለ ወለድ ተመን ድምፅ አንስጥ። ምናልባት የቁጠባ ወለዱን እናነሣለን፤ ምናልባት ለቆርቆሮና ለዘር የሚቆጥብ አባል ዕቃውን ቀድሞ እንዲገዛ እናግዛለን። ክርክሩ በቁጥሩ ላይ ይሁን።

እማማ ዛሬም እዚህ አሉ። በዚያው ሳምንት ሄጄ አምና የነገርኳቸውን አርሜያለሁ። አልተቆጡኝም። ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና ደብተሩን ዳግም አወጡ፤ በማግሥቱ 17ቱን ገዙ። የጎደሉትን ሦስቱን በ600 ለመግዛት 1,800 ብር ያስፈልግ ነበር። እጃቸው ላይ የቀረው 500 ነው። 1,300 ብር ይጎድላቸው ነበር።

አመሰግናለሁ።