ሌሊት የሚቀሰቅስ ቃርና የማይለቅ ሳል

[ምስል፦ ጨለማ መኝታ ክፍል፤ አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀምጣ ታስላለች።]

ሱቅ የምትሠራ አንዲት የ46 ዓመት ሴት እናስብ። ሱቋን ዘግታ ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እራቷን ጠግባ በልታ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትተኛለች። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ደረቷ እያቃጠላት፣ አፏን ኮምጣጣ ነገር ሞልቶት፣ እየሳለች ትነቃለች። ቀን ላይ ደግሞ ጉሮሮዋ ውስጥ አንዳች ነገር የተጣበቀ ስለሚመስላት በየጊዜው «እህም፣ እህም» ስትል ትውላለች። ሳሉ ከጀመራት 4 ወር ሆኗል። የሳል ሽሮፕም አንቲባዮቲክም ሞክራ አልተሻላትም፤ የሌሊቱን ቃር ግን «የበርበሬው ነው» ብላ ስለተወችው ለሐኪም አልነገረችም።

[ምስል፦ የምግብ ቱቦውና ጨጓራው ጎን ለጎን፤ የጡንቻው ቀለበት በቀይ።]

የምግብ ቱቦው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ለምግብ የሚከፈት፣ ከዚያም የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ያለጊዜው ሲላላ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ቀን ላይ ቆመን ወይም ተቀምጠን ስለምንውል አሲዱ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል፤ የምንውጠው ምራቅም ቱቦውን ያጥበዋል፣ የአሲዱንም ኃይል ይቀንሰዋል። እንቅልፍ ሲወስደን ግን ሰውነታችን ይጋደማል፣ ምራቃችን ይቀንሳል፣ መዋጣችንም ከሞላ ጎደል ይቆማል። ስለዚህ ወደ ላይ የወጣው አሲድ ቱቦው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አፍ ውስጥ የሚሰማው የኮመጠጠ ጣዕም ፈሳሹ ጉሮሮን አልፎ መምጣቱን ያሳያል።

ታዲያ የጨጓራ አሲድ እንዴት ሳል ያመጣል? መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥቂት ፈሳሽ እስከ ማንቁርት ወጥቶ የድምፅ አውታሮችን ሲነካ፣ አንዳንዴም ወደ አየር ቧንቧ ሲንጠባጠብ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ የምግብ ቱቦውም የአየር ቧንቧውም ስሜታቸውን ወደ አንጎል የሚልኩት ቫገስ በሚባለው ነርቭ ስለሆነ፣ አሲዱ ከታችኛው የቱቦ ክፍል ሳያልፍ እንኳ ነርቩን ቀስቅሶ ሳል ያስነሣል። ሳሉ ራሱ ደግሞ ሆድን ስለሚጨምቅ ተጨማሪ አሲድ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል።

ጉሮሮ መጥረግም እንዲሁ ራሱን ያባብሳል። «እህም» ባልን ቁጥር የድምፅ አውታሮቹ በኃይል ይጋጫሉ፣ ይቆጣሉ፤ የተቆጣው አካል ንፍጥ ያመነጫል፣ ንፍጡም እንደገና ያስጠርጋል። ስሜቱ ሲመጣ ጥቂት ውኃ መጎንጨት ወይም ምራቅ መዋጥ ይህን አዙሪት ለመስበር ይረዳል።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ የምርመራ ክፍል።]

ይሁን እንጂ ቃር ያለበት ሰው ሳል ሁሉ ከአሲድ ነው ማለት አይደለም። በአገራችን 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። አስም፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ንፍጥ፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ሳል ያቆያሉ። ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ ካለ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል ለአንድ ሰዓትም አይጠበቅም።

የሴትየዋ ምርመራ ከእነዚህ ነጻ ሆነ እንበል። የመጀመሪያው ለውጥ እራቷ ላይ ነው፦ ዋናውን ምግብ ሱቅ እያለች በ12 ሰዓት በልታ፣ በመኝታና በምግብ መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ታኖራለች። ቀጥሎ የአልጋዋን የራስጌ እግሮች በጠንካራ እንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ታደርጋለች። ትራስ መደራረብ ይህን አይተካም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል እንጂ ደረትን በሙሉ አያዘነብልም። በግራ ጎን መተኛትም ጨጓራው ከቱቦው መገናኛ በታች እንዲውል ስለሚያደርግ ይጠቅማል። ሐኪሟ የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ካዘዘላት፣ የምትውጠው ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማ ነው፤ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ምግቡ የአሲድ አመንጪ ሕዋሳትን ሲያነቃቃ አስቀድሞ ደም ውስጥ ከተገኘ ነውና።

ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ቃሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ የተቆጣው ጉሮሮና የነቃው የሳል ነርቭ ግን ለመርጋት እስከ 3 ወር ሊወስዱ ይችላሉ። ስለዚህ በ4ኛው ሳምንት እየተኛች፣ ነገር ግን እየሳለች ብትገኝ ሕክምናው ከሸፈ አይባልም። በ3ኛው ወር ሳሉ ምንም ካልቀነሰ ግን መድኃኒቱን በራስ መጨመር ሳይሆን፣ ሐኪሙ ምክንያቱን እንደ አዲስ እንዲፈልግ ተመልሶ መሄድ ነው የሚሻለው።