አንድ ትዕዛዝ፣ ሁለት ሂሳብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዛሬው ዝግጅት የማነሣው እዚህ አሜሪካ በዴቢት ካርድ ኦንላይን ስንገዛ ስለሚያጋጥመን አንድ ጉዳይ ነው፦ የታዘዘው ዕቃ አንድ ሆኖ ሳለ በባንኩ መተግበሪያ ላይ ሁለት ሂሳብ ሲታይ።

ሰኞ ማታ የሕፃን ጋሪ አዘዝኩ፤ ዋጋው ከነታክሱ 148 ዶላር ከ37 ሳንቲም ነበር። ቤት የቀየርኩበት ሰሞን ስለነበር አዲሱን አድራሻ ሞልቼ ክፍያውን ብልክም፣ የሱቁ ገጽ ክፍያው አልተሳካም የሚል መልስ ሰጠኝ። ባንኩ የአድራሻ ለውጡን ገና ስላልመዘገበው፣ ለሂሳቡ የቀድሞውን አድራሻ አስገብቼ ደግሜ ስሞክር አለፈልኝ፤ የትዕዛዝ ማረጋገጫውም በኢሜይል ደረሰኝ። የባንኩን መተግበሪያ ስከፍት ግን 148.37 ከላይ፣ 148.37 ከታች፣ ሁለቱም ፔንዲንግ ተብለው ተቀምጠዋል። በሂሳቤ ላይ የነበረው 410 ዶላር ከቦታው ባይነቃነቅም፣ ላወጣው የምችለው ቀሪ ወደ 113.26 ወርዷል።

በማግስቱ ለሱቁ ስደውል፣ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ መዝገቧን አይታ፣ «እኛ ዘንድ ያለው አንድ ክፍያ ብቻ ነው፤ የምንመልስልዎ ሁለተኛ ገንዘብ የለም» አለችኝ። ባንኩ በበኩሉ ከዚሁ ሱቅ ሁለት ጥያቄ መጥቶለት ሁለቱንም መፍቀዱን ነገረኝ። ከሁለቱ አንዱ እያታለለኝ ነው ብዬ ብናደድም፣ ሁለቱም የነገሩኝ እውነቱን ነበር።

የካርድ ክፍያ በሁለት ደረጃ ይፈጸማል። መጀመሪያ ሱቁ በካርዱ ላይ ይህን ያህል ገንዘብ መኖሩን ይጠይቃል፤ ባንኩም አዎ ሲል መጠኑን ለይቶ ይይዘዋል። ሆልድ የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከሂሳቡ ገና አልወጣም። ሱቁ የተያዘለትን ገንዘብ የሚወስደው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በዕለቱ መጨረሻ ወይም ዕቃው ሲላክ፣ የመጨረሻውን ሂሳብ ለባንኩ ሲያስተላልፍ ነው። በእኔ የመጀመሪያ ሙከራ የባንኩ መልስ ሁለት ነገር ይዞ ነበር፦ ገንዘቡ አለ፣ አድራሻው ግን አይገጥምም። ሱቁ በአድራሻው ምክንያት ትዕዛዙን ሲጥለው፣ ባንኩ ገንዘቡን ቀድሞ ይዞት ነበር። ሱቁ ፈቃዱን የሚሰርዝ መልእክት ቢልክ ኖሮ ሆልዱ ይለቀቅ ነበር፤ ካልላከ ግን ጊዜው እስኪያልፍ ይቆያል፤ ይህም እንደ ባንኩና እንደ ሱቁ ዓይነት ከጥቂት የሥራ ቀናት እስከ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በዴቢት ካርድ የሚያንገበግበውም ይህ ነው፤ ያልተወሰደ ገንዘብ ቢሆንም የቤት ኪራይ ልክፈልበት ብትሉ አይቻልም።

በዚህ መሃል ዲስፒዩት ለመክፈት መቸኮል አይበጅም። ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ፔንዲንግ በሆነ ሂሳብ ላይ አቤቱታ አይቀበሉም። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ መጠናቸው አንድ ከሆነው ከሁለቱ መስመሮች ትክክለኛውን ክፍያ ተሳስቶ መክሰስ ነው፤ ሱቁ ያን ጊዜ ትዕዛዙን ሊሰርዘው ይችላል። ገንዘቡ በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን፣ የባንኩን ሠራተኛ ከሱቁ ጋር በአንድ መስመር አገናኝቶ ሱቁ ሆልዱን እንደማይፈልገው እንዲያረጋግጥ መጠየቅ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል።

ረቡዕ ዕለት ጋሪው ሲላክ አንደኛው መስመር ፔንዲንግ መሆኑ ቀርቶ ፖስት ሆነ፤ ማለትም ገንዘቡ በእርግጥ ከሂሳቤ ወጣ። ዓርብ ጠዋት ሁለተኛው ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ተመላሽ የሚል ምንም መስመር አልተተካም። ሆልድ ሲለቀቅ እንዲህ ነው፤ እውነተኛ ተመላሽ ገንዘብ ግን የራሱ ቀንና የመደመር ምልክት ያለው መስመር ሆኖ ይመዘገባል።

ሁለቱም ፖስት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ኢሜይል ነው። ሁለት የተለያየ የትዕዛዝ ቁጥር ካለ ሱቁ ሁለት ጋሪ ሊልክ ነውና የሚጠየቀው አንዱን ትዕዛዝ እንዲሰርዝ ነው። የትዕዛዝ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፖስት የሆነው ሁለት ከሆነ ግን በእርግጥ ድርብ ሂሳብ ነው፤ ሱቁ ካልመለሰ ባንኩ ይጠየቃል። በዴቢት ካርድ የአሜሪካ ሕግ የሚሰጠው ጊዜ ስህተቱ ያለበት ስቴትመንት ከተላከ በኋላ 60 ቀን ነው። ባንኩ ባጠቃላይ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ አጣርቶ መጨረስ አለበት፤ ካልቻለ ምርመራውን ሊያራዝም የሚችለው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ነው። ለክሬዲት ካርድም ቀነ ገደቡ 60 ቀን ነው፤ ነገር ግን የሕጉን ሙሉ ጥበቃ ለማግኘት አቤቱታው በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ስቴትመንቱ ላይ ለሂሳብ ጥያቄ በተሰጠው አድራሻ መላክ አለበት። ከአቤቱታው ጋር አንዱን የትዕዛዝ ማረጋገጫና ሁለቱ ፖስት የሆኑ መስመሮች ከነቀናቸው የሚታዩበትን ገጽ አያይዙ።