“ሌሊት እንዳትሸና ውሃ ቀንሰንባታል” የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ስለ አረጋውያንና ስለ ከፍተኛ ስኳር

ዶክተር፣ አባቴ ታይፕ ቱ ነው፣ ኬቶን የሚባለው የወጣቶቹ ነው አይደል? እሱን አያሰጋውም?

ኬቶአሲዶሲስ፣ ማለትም ኬቶን በዝቶ ደሙን አሲድ ሲያደርገው፣ ታይፕ ቱንም ይይዛል፣ አልፎ አልፎ። ለአባትህ ዕድሜ ግን እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የዚህ በሽታ ወንድም ነው፣ ኤች ኤች ኤስ የምንለው፣ ስኳሩ በጣም ወጥቶ ሰውነትን የሚያደርቀው። የአባትህ ቆሽት አሁንም ትንሽ ኢንሱሊን ያወጣል። ያቺ ትንሽ ስቡ ተቃጥሎ ኬቶን እንዳይሆን ትከለክላለች፣ ስኳሩን ከደም ለማውጣት ግን አትበቃም። ስለዚህ ደሙ እንደ ኬቶአሲዶሲሱ አሲድ አይሆንም፣ ያ ፈጣን ትንፋሽ፣ ያ የፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ አይታይም። ኬቶአሲዶሲስ ሆድ ቆርጦ አስመልሶ በአንድ ሁለት ቀን ሆስፒታል ያመጣሃል። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ከዛ በላይ ይወስዳል፣ ስኳሩ 600 አልፎ ሺም ይሻገራል፣ ሽንቱ ደግሞ ውሃውን ይዞት ይሄዳል።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሌሊት ሽንት ስትመላለስ እንዳትወድቅ ብለን ከሰዓት በኋላ ውሃ ቀንሰንባታል፣ ጥሩ አይደል?

አይ እህቴ፣ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ፣ በየሳምንቱ የምሰማው ነገር ስለሆነ ነው። ሽንት ድንገት ከበዛ ስኳሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ሰውነቷ እያፈሰሰ ያለውን ውሃ መመለሻውን ዘጋችሁባት። በዛ ላይ በዕድሜ የጥም ስሜት ይደክማል፣ “አልጠማኝም” ብትል ጠግባለች ማለት አይደለም።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል፣ ሰባዎቹን ያለፉ። ሳል ያዛቸው፣ ምግብ ዘጋቸው፣ “ካልበላሁ ምን ያደርግልኛል” ብለው ኪኒናቸውንም ተዉ። ሽንት ሲበዛ ልጆቹ እንዳንቺው ውሃ ቀነሱ፣ ጠማኝ ሲሉ ደግሞ ለስላሳ ሰጡ! በአራተኛው ቀን እንቅልፍ አበዙ፣ “እርጅና ነው” ተባለ። በስድስተኛው ቀን የልጃቸውን ስም ሳቱ፣ ቀኝ እጃቸውም ዛለ፣ ስትሮክ ነው ብለው ተሸክመው አመጧቸው። ምላሳቸው እንደ ቆዳ ደርቋል፣ ስኳራቸው 890፣ ኬቶን የለም ማለት ይቻላል። ይሄን ሁሉ የቀሰቀሰው የሳንባ ምች ነበር። ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ስኳሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ያ የዛለው እጅ ብርጭቆ ያዘ። በዚህ በሽታ ከሰውነት የሚጎድለው ውሃ በአማካይ ወደ 9 ሊትር ነው፣ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እሳቸው ተረፉ፣ የማይተርፉ ብዙ ናቸው፣ ከኬቶአሲዶሲስ ይልቅ የሚገድለው ይሄ ነው።

ስለዚህ ፖፖ አልጋዋ ስር አድርጉ፣ መብራት ተዉላት፣ ውሃውን ጠማኝ እስክትል ሳትጠብቁ በሰዓት ስጧት። ልብ ወይ ኩላሊት አሟት ሐኪሟ ውሃ ወስኖላት ከሆነ ግን መጠኑን እሱን ጠይቁ። እና ለኩ። ሽንት ሲበዛ ለኩ፣ ስትታመም ለኩ።

መለኪያው ቁጥር ትቶ HI ብሎ ጻፈ፣ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፣ ስኳሩ ማሽኑ ሊያነበው ከሚችለው በላይ ነው፣ በአብዛኞቹ ማሽኖች ከ600 በላይ ማለት ነው፣ አሁኑኑ ሆስፒታል!

እማማ ፈዘው ሳገኛቸው ለስላሳ እየሰጠሁ ነው፣ ስኳር ወርዶባቸው ይሆናል ብዬ። ልክ ነኝ?

መጀመሪያ ለካ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ስጣቸው፣ ልክ ነህ። የሚወርድ ስኳር ግን ብዙ ጊዜ በድንገት ነው የሚመጣው፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ። ቀስ በቀስ ለቀናት እየፈዘዙ፣ አፋቸው እየደረቀ፣ ሲሸኑ ከሰነበቱ ግን ለስላሳህ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ነቅተው መዋጥ ለማይችሉ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ ማርም ውሃም አይጨመርም፣ ትን ይላቸዋል።

አባቴ ሽንቱ ላይ ኬቶን የለም ተብሎ ወደ ቤት ተመልሰናል፣ አሁንም ግን ይቃዣል

ኬቶን አለመኖሩ ኬቶአሲዶሲስን ያርቃል እንጂ ይሄንን አያርቅም፣ እንዲያውም የዚህኛው ጠባዩ እሱ ነው። የደም ስኳሩ ስንት ነበር? ሶዲየሙስ ታይቷል? ሬዲዮኑን ዝጋና ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው፣ “ከስንት ቀን ጀምሮ ነው የፈዘዘው” ሲሉህ በትክክል ንገራቸው።

ሆስፒታል ስንደርስ ኢንሱሊን ትተው ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ ብቻ ሰቀሉ፣ ለምን?

ልክ ናቸው። መጀመሪያ የጎደለውን ውሃ ይመልሳሉ፣ ስኳሩም በሱ ብቻ መውረድ ይጀምራል፣ በጣም ከፈጠነ አንጎል ሊያብጥ ይችላል። ፖታሲየሙንም ሳያዩ ኢንሱሊን አይጀምሩም።

ሰሞኑን የአባቴ ስኳር ከ300 አልወርድ አለ፣ ኪኒናውን ሁለት ሁለት ላድርገው?

በስልክ ኪኒን አልቆጥርም። ኩላሊቱን አይተው፣ ምን ኢንፌክሽን እንዳለበት ፈልገው የሚወስኑት እዛ ክትትል የሚያደርግበት ናቸው፣ ነገ ጠዋት ውሰደው፣ እስከዛ ውሃውን እንዳትቀንስበት፣ ከፈዘዘብህ ደግሞ ነገን አትጠብቅ።